ፎርዋርድ ወይስ የገንዘብ ገበያ ሄጅ? መጀመሪያ ዛሬ የሚገባው ዶላር የት እንደሚውል ጠይቅ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ቀን ቀን ከጃዊ አኩሪ አተር እየገዛ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። በመልቲናሽናል ፋይናንስ ፈተና ላይ ይህ ጥያቄ መጣ። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ከጀርመን ደንበኛው ከ6 ወር በኋላ 2,000,000 ዩሮ ይቀበላል። የዛሬው ምንዛሪ ለ1 ዩሮ 1.10 ዶላር ነው። የ6 ወር ፎርዋርድ 1.105 ነው። ዓመታዊ ወለዱ ለዩሮ ብድር 4 በመቶ፣ ለዩሮ ተቀማጭ 2.5 በመቶ፣ ለዶላር ተቀማጭ 4 በመቶ ነው። ኩባንያው 7 በመቶ የሚከፍልበት የአጭር ጊዜ የዶላር ብድርም አለበት። እኔ በፎርዋርድ 2,210,000 ዶላር፣ በገንዘብ ገበያ ሄጅ 2,156,863 ዶላር አገኘሁ። ስለዚህ ፎርዋርድ በ53,137 ይበልጣል ብዬ ጻፍኩ፤ ተሳስተሃል ተባልኩ። የመምህራችን መልስ የገንዘብ ገበያ ሄጅ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ፎርዋርድ ይበልጣል፣ ግን በ10,000 ብቻ ነው ይላል። ማን ነው ልክ? ለእኛ ድርጅትስ የትኛው ይሆናል?»

ሁለቱም ቁጥሮችህ ትክክል ናቸው። የተሳሳተው ማወዳደሩ ነው። 2,156,863 ዶላር ዛሬ እጅህ የሚገባ ገንዘብ ነው። 2,210,000 ዶላር ግን የሚገባው ከ6 ወር በኋላ ነው። በሁለት የተለያዩ ቀናት ያሉ ገንዘቦችን እንዳሉ ማቀናነስ አይቻልም። 53,137 ያልከው ልዩነት የትኛው ዘዴ እንደሚሻል አይናገርም። አብዛኛው የ6 ወር ጊዜ ዋጋ ነው።

ስሌቱን አንድ ጊዜ አብረን እንሂድበት፣ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ ቀመሩን ይዞ ነገሩን ይስታል። በፎርዋርድ ኩባንያው ዛሬ ከባንክ ጋር ይዋዋላል። ከ6 ወር በኋላ 2,000,000 ዩሮ ሊያስረክብ፣ ባንኩም በ1.105 ሊገዛው። ዛሬ ከማንም እጅ ገንዘብ አይወጣም፣ አይገባም።

በገንዘብ ገበያ ሄጅ ግን ኩባንያው ዛሬውኑ ዩሮ ይበደራል። ምን ያህል? ከ6 ወር በኋላ ከነወለዱ ልክ 2,000,000 ዩሮ የሚሆን ያህል። ዓመታዊው 4 በመቶ ለግማሽ ዓመት 2 በመቶ ነው፤ 2,000,000 ለ1.02 ሲካፈል 1,960,784 ዩሮ ይሆናል። ያንን በዛሬው 1.10 ይሸጥና 2,156,863 ዶላር ይይዛል። ጀርመናዊው ደንበኛ ሲከፍል ደግሞ ያ ዩሮ በቀጥታ ብድሩን ይዘጋል። ከጎረቤት በቆሎ ተበድሮ ዛሬ ገበያ አውጥቶ የሸጠ፣ አዝመራው ሲደርስም ከማሳው ጭማሪ አድርጎ የሚመልስ ገበሬ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የበቆሎው ዋጋ ከዛሬ ወዲያ ቢወጣም ቢወርድም አያሳስበውም፤ ሽጦ ጨርሷል።

ስለዚህ በሁለቱም መንገድ የምንዛሪው ስጋት ጠፍቷል። ልዩነቱ አንዱ ገንዘቡን ዛሬ መስጠቱ፣ ሌላው ከ6 ወር በኋላ መስጠቱ ነው። ለማወዳደር ሁለቱን ወደ አንድ ቀን ማምጣት አለብህ። አንተና ጓደኛህ ከመምህራችሁ ጋር የተለያያችሁት እዚህ ላይ ነው።

ጓደኛህ የዛሬውን ዶላር ባንክ አስቀመጠው። 4 በመቶ በዓመት፣ ለ6 ወር 2 በመቶ ነው። 2,156,863 በ1.02 ሲባዛ 2,200,000 ዶላር ይወጣል። ከፎርዋርዱ በ10,000 ያንሳል። ስሌቱ ንጹሕ ነው፤ ኩባንያው ገንዘቡን በእርግጥ ባንክ የሚያስቀምጠው ከሆነ መልሱም ልክ ነው።

መምህራችሁ ግን 7 በመቶውን አይተዋል። ኩባንያው በ7 በመቶ የሚከፍልበት ብድር እያለበት፣ እጁ የገባውን ዶላር በ4 በመቶ ባንክ የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለም። ብድሩን ይከፍልበታል። ያኔ ገንዘቡ የሚያተርፈው የሚያድነውን ወለድ ነው፤ ለ6 ወር 3.5 በመቶ። 2,156,863 በ1.035 ሲባዛ 2,232,353 ዶላር ይሆናል። አሁን የገንዘብ ገበያ ሄጅ በ22,353 ዶላር በለጠ። ፈታኙ 7 በመቶውን የጻፈው ለማደናገር አይደለም። የጥያቄው ቁልፍ እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎች ያቆማሉ። እኔ ግን አንድ እርምጃ እንድትቀጥል እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ የሚገባህ እዚያ ነው። ሁለቱ ዘዴዎች እኩል የሚሆኑበት ወለድ ስንት ነው? 2,210,000ን ለ2,156,863 አካፍል። 1.0246 ይመጣል። ለ6 ወር 2.46 በመቶ፣ በዓመት 4.93 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ዛሬ የሚገባው ዶላር ከ4.93 በመቶ በላይ የሚሠራ ከሆነ የገንዘብ ገበያ ሄጅ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ፎርዋርድ። 4 ከ4.93 በታች ነው፣ 7 ደግሞ በላይ። የጓደኛህም የመምህርህም መልስ ከዚህች አንድ ቁጥር ይወጣል።

ይህ 4.93 ታዲያ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። ኩባንያው ዩሮ የተበደረው በ4 በመቶ ነው። ከዛሬው 1.10 ወደ ፎርዋርዱ 1.105 ያለው ጭማሪ ደግሞ ለ6 ወር 0.45 በመቶ፣ በዓመት 0.91 በመቶ ነው። ሁለቱን ብትደምር 4.91 ታገኛለህ፣ የቀረችው ጥቂት የሁለቱ ብዜት ናት። በሌላ አነጋገር 4.93 በመቶ ማለት ዩሮ ተበድሮ ወደ ዶላር መቀየር፣ የመመለሻውን ምንዛሪም በፎርዋርድ ማሰር የሚያስወጣው ጠቅላላ ወጪ ነው።

ይህን ካየህ ሙሉው ነገር ይገለጥልሃል። የገንዘብ ገበያ ሄጅ ፎርዋርድ ሲደመር የ4.93 በመቶ የዶላር ብድር ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ከስጋት በመጠበቅ በኩል ከፎርዋርድ የሚበልጥበት ነገር የለውም። ስለዚህ «ከስጋት የሚጠብቀኝ የቱ ነው?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሁለቱም እኩል ይጠብቁሃል። ጥያቄው «በ4.93 በመቶ ብድር እፈልጋለሁ ወይ?» ነው። 7 የሚከፍል ኩባንያ አዎ ይላል። ገንዘብ ተርፎት በ4 የሚያስቀምጥ ኩባንያ በ4.93 ተበድሮ በ4 ማስቀመጥ ይሆንበታል፣ ከኪሱ 10,000 ዶላር ይወጣል። ሦስተኛ ሁኔታም አለ። ሌላ ባንክ ለዚሁ ኩባንያ ዶላር በ4.5 በመቶ የሚያበድረው ቢሆንስ? ያኔ ፎርዋርድ ይዞ ከዚያ ባንክ መበደርና የ7 በመቶውን መክፈል ይሻላል። ፈተና ላይ ይህን አይጠይቁህም፣ ሥራ ላይ ግን ይገጥምሃል።

ምናልባት «መጽሐፉ ሁለቱ እኩል ናቸው ይላል፤ የወለድ ተመጣጣኝነት አለ» ትል ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን የሚሠራው ባንኮች እርስ በርስ በሚበዳደሩበት ወለድ ነው። ባንክ ፎርዋርዱን የሚያወጣው በዚያ ወለድ ልዩነት አስልቶ ነው። ኩባንያ ግን ሲበደር ከዚያ በላይ ይከፍላል፣ ሲያስቀምጥ ከዚያ በታች ያገኛል። የገንዘብ ገበያ ሄጅ ሁለቱንም ጠርዝ ይነካል፤ በአንድ በኩል ተበዳሪ፣ በሌላ በኩል አስቀማጭ ነህ። ፎርዋርዱ ላይ የምትከፍለው የባንኩን አንድ ህዳግ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕዳ የሌለበት ኩባንያ ላይ የገንዘብ ገበያ ሄጅ አብዛኛውን ጊዜ ተሸናፊ ነው። በአንተ ጥያቄ ውስጥ የ10,000ዋ ልዩነት የመጣችው ከዚህ ነው።

አሁን ጥንቃቄዎች። የመጀመሪያው የ7 በመቶውን ብድር በእርግጥ ቀድሞ መክፈል ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ባንኩ ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት የሚጠይቅ ከሆነ ቅጣቱን ከ22,353 ላይ ቀንስ። ብድሩ እንደፈለጉ የሚወጣበትና የሚመለስበት ኦቨርድራፍት ከሆነ ችግር የለም። ሁለተኛ፣ አንድ ኩባንያ በዶላር 7 በመቶ እየከፈለ በዩሮ 4 በመቶ ካገኘ፣ ለምን ብለህ ጠይቅ። የሁለቱ ገንዘቦች የወለድ ልዩነት ፎርዋርዱ እንደሚያሳየው በዓመት 0.9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ልዩነት ምክንያት ይኖረዋል። ምናልባት የዩሮው ብድር የጀርመኑን ተሰብሳቢ ሒሳብ በመያዣነት ይዞ ይሆናል። ምናልባት የአገልግሎት ክፍያ ተደብቆበት ይሆናል። ክፍያው ብድሩ ላይ 1 በመቶ ቢሆን እንኳ 19,608 ዩሮ ነው፤ በዛሬው ምንዛሪ ከ21,500 ዶላር በላይ። ትርፍ ያልነው ከሞላ ጎደል አለቀ።

ሦስተኛው ስለ ብድር አቅም ነው። የዩሮው ብድር በሒሳብ መዝገብ ላይ ዕዳ ሆኖ ይታያል። ፎርዋርድም ቢሆን ነፃ አይደለም፣ ባንኩ ከደንበኛው የብድር ጣሪያ ላይ ይይዝበታል፤ የሚይዘው ግን ከሙሉ ብድሩ በጣም ያነሰ ነው።

ወደ ፈተናው ልመለስና፣ ተማሪዎች ደጋግመው የሚወድቁበትን ልንገርህ። ዓመታዊ ወለዱን ለ6 ወር አለመግመስ አንዱ ነው። የባሰው ግን ተሰብሳቢና ተከፋይ ሲገለባበጥ ወለዱን አለመገልበጥ ነው። ኩባንያው 2,000,000 ዩሮ የሚከፍል ቢሆን ኖሮ ዩሮ አይበደርም፣ ያስቀምጣል። ማካፈያው 4 በመቶው መሆኑ ይቀርና 2.5 በመቶው ይሆናል፤ ለ6 ወር 1.25። ዛሬ 1,975,309 ዩሮ መግዛት ያስፈልገዋል፣ ይህም 2,172,840 ዶላር ነው። ያንን ዶላር በ7 በመቶ ተበድሮ ከሆነ በመጨረሻ 2,248,889 ይወጣበታል። በፎርዋርድ 2,210,000 ብቻ ነው። ያው 7 በመቶ ለተቀባዩ የገንዘብ ገበያ ሄጅን እንዳሻለው ሁሉ ለከፋዩ አከፋው። ጥያቄ ሲመጣልህ መጀመሪያ «ዩሮው ይገባል ወይስ ይወጣል?» ብለህ ከላይ ጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁጥር ንካ።

ሁለቱም ዘዴዎች አብረው የሚወድቁበትም ቦታ አለ። ጀርመናዊው ደንበኛ ባይከፍልስ? ፎርዋርድ የያዘው ኩባንያ ለባንኩ 2,000,000 ዩሮ ማስረከብ አለበት፤ ከገበያ በዕለቱ ዋጋ ገዝቶ ያስረክባል። ዩሮ የተበደረውም ያንኑ ያህል ገዝቶ ዕዳውን ይከፍላል። ያን ቀን ዩሮ 1.20 ከሆነ ፎርዋርድ የያዘው በ1.20 ገዝቶ በ1.105 ያስረክባል፤ 190,000 ዶላር ከኪሱ ነው። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆነን ገቢ በሁለቱም ማሰር አደጋ ነው። ለምሳሌ ኩባንያው ጨረታውን ገና ካላሸነፈ ወይም ገቢው ካልተረጋገጠ፣ ቦታው የኦፕሽን ነው፤ እሱ የመሸጥ መብት ይሰጣል እንጂ አያስገድድም። ደንበኛው ዘግይቶ የሚከፍል ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከጠቅላላው በእርግጥ በጊዜው የሚገባውን ክፍል ብቻ እሰር።

የእኔ ምክር ይህ ነው። እንዲህ ባለ ጥያቄ ፎርዋርዱን መነሻ አድርግ። ከዚያ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበትን ወለድ አስላ። ኩባንያው ከዚያ ወለድ በላይ የሚከፍልበትና ዛሬውኑ ሊዘጋው የሚችል ዕዳ ካለው ወደ ገንዘብ ገበያ ሄጅ ሂድ፣ ከሌለው እዚያው ቆይ። ፎርዋርድ ጭራሹኑ በማይገኝበት ገንዘብ ወይም በጣም ረዥም ጊዜ ላይ ከሆነ ደግሞ ምርጫው ራሱ የለም፤ የገንዘብ ገበያ ሄጅ ይሆናል፣ እሱም መበደር ከተቻለ።

ይህ «መበደር ከተቻለ» የሚለው ወደ እናንተ ድርጅት ያመጣናል። እናንተ ከገዢያችሁ ዶላር ትጠብቃላችሁ፣ ወጪያችሁ በብር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው በግልጽ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የገንዘብ ገበያ ሄጅ ለመሥራት ዶላር ተበድራችሁ ዛሬ ወደ ብር መቀየር ነበረባችሁ። አንድ የአገር ውስጥ ላኪ ግን ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ከውጭ ባንክ ዶላር ተነሥቶ አይበደርም። የስሌቱ የመጀመሪያ እግር እዚያው ተቆረጠ። የፈተናውን መፍትሔ እንዳለ ቡሬ ወይም ዳንግላ አምጥተህ ለሥራ አስኪያጅህ አታቅርብ።

አንድ ማታለያ ግን ልጠቁምህ። ባንካችሁ በኤክስፖርት ሰነድ ላይ በብር ቅድሚያ ክፍያ ከሰጣችሁ የገንዘብ ገበያ ሄጅ ሊመስልህ ይችላል፣ ዛሬ ብር ገብቷልና። ዋናው ጥያቄ ዶላሩ የሚመነዘረው በየትኛው ቀን ተመን ነው የሚለው ነው። ዶላሩ በሚገባበት ቀን ተመን ከሆነ ይህ የብር ብድር ነው፣ ከምንዛሪ ስጋት አልጠበቃችሁም። ዛሬ በታሰረ ተመን ከሆነ ብቻ ነው ሄጅ የሚሆነው። ውሉን አውጣና ይህን መስመር ፈልግ።

ደግሞም የሚያሰጋችሁ ምን እንደሆነ በትክክል ለዩ። ብር ሲዳከም የተሸጠው ጭነት ላይ ታተርፋላችሁ። ነገር ግን የሚቀጥለው ዙር አኩሪ አተር ጃዊ ላይ ዋጋው አብሮ ይወጣል። ትርፉ በግዢው ይበላል። ስለዚህ የተጋላጭነታችሁ መጠን ኢንቮይሱ ላይ ካለው ዶላር ያነሰ ነው። ሙሉውን ብታስሩት ከሚገባው በላይ አሰራችሁ ማለት ነው። ከውጭ የምታስመጡት ዕቃ ካለ፣ የማበጠሪያ ማሽን መለዋወጫም ቢሆን፣ ከምታስቀሩት የውጭ ምንዛሪ በቀጥታ ክፈሉት። ያ ክፍል ወደ ብር ተቀይሮ እንደገና ወደ ዶላር መመለስ የለበትም።

ለቀሪው ስጋት ግን ጥሩው መሣሪያ ያለው የሽያጭ ውሉ ላይ ነው፤ የሚሰላውም ልክ እንደ 4.93ቱ ነው። ገዢው በ90 ቀን የሚከፍል ከሆነ በ30 ቀን ቢከፍል 1 በመቶ ቅናሽ ስጡት እንበል። ለ60 ቀን 1 በመቶ በዓመት 6 በመቶ ገደማ ነው። ያንን ቁጥር ድርጅታችሁ ለብር ብድሩ ከሚከፍለው ወለድ ጋር አስተያዩ። ዶላሩ 60 ቀን ቢቆይ በምንዛሪ ሊጨምር የሚችለውን መተዋችሁን አትርሳ፣ ግን እሱ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። የብድሩ ወለድ ግን በየቀኑ እየቆጠረ ነው። የብሩ ብድር ወለድ ከ6 በመቶ በግልጽ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ውል የ30 ቀኑን ሐሳብ ለገዢው አቅርቡለት። ቅናሹን ከ1 በመቶ ጀምሩ፤ ገዢው ተጨማሪ ከጠየቀ እስከ ስንት መውረድ እንደምትችሉ ያው ስሌት ይነግራችኋል።